ከብሎን ራስ እስከ ቀዳዳ አፍ፦ የወፍጮ መዝጊያ ሥራ ማስታወሻ

ሐሙስ ጠዋት፣ ኮምቦልቻ

ሥራው የመጣው ከባቲ ነው። ሐጂ የወፍጮ ቤት አላቸው። እህል የሚገለበጥበት ሳጥን ሥር ያለው ተንሸራታች መዝጊያ አልቆ አልዘጋ ብሏል። መዝጊያው ራሱ ቀላል ነገር ነው፤ 3 ሚ.ሜ ላሜራ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ሐዲዶች ላይ ይተኛል፣ ሲሳብ እህሉ ይወርዳል፣ ሲገፋ ይቆማል። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሆነ ከዚያ በፊት እንዲደርስላቸው ይፈልጋሉ።

"ሰኞ ወፍጮው ከቆመ ሰዉ ማሽላውን እንደተሸከመ ነው የሚመለሰው፣ ልጄ" አሉኝ። "እሺ ሐጂ፣ ይደርስልዎታል" ብዬ ተቀበልኩ።

የድሮውን ላሜራ ገልብጬ አየሁት። ሆዱ ላይ ሁለት ረጃጅም ጭረቶች አሉ፣ ልክ የብሎኖቹ መስመር ላይ። ሐዲዱን ያሰሩት ብሎኖች ራሳቸው ከብረቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበርና ላሜራውን ለዓመታት ሲፍቁት ኖረዋል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ዋና ጥያቄ ላሜራው አይደለም፤ የብሎኑ ራስ የሚቀመጥበት የኮን ጉድጓድ አፉ ስንት ይሁን የሚለው ነው።

ከፍ ካለ ይፍቃል። ከመጠን በላይ ከሰመጠም ሌላ ጣጣ አለው። ጤፍ በጣም ደቃቅ ስለሆነ የትኛውም ክብ ጎድጓዳ ውስጥ ይሞላል፣ ከዱቄት ብናኝ ጋር ይጋገራል፣ ነቀዝም እዚያው ይራባል። ለራሴ ያስቀመጥኩት ገደብ ይህ ነው፦ የብሎኑ ራስ ከሐዲዱ ፊት 0.1 ሚ.ሜ ዝቅ ይበል፣ ቢበዛ 0.3፣ ከፍ ማለት ግን በጭራሽ።

ሐሙስ ከሰዓት

ብሎኖቹ ከደሴ መጡ። ኤም6፣ ራሱ ከላይ ጠፍጣፋ ከሥር ኮን የሆነ፣ በአለን ቁልፍ የሚታሰር። የራሱን ስፋት በካሊፐር ለካሁ፦ 11.8 ሚ.ሜ። የተወሰኑትን ከፓኮው እያወጣሁ ሞከርኩ፣ ልዩነታቸው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ራሱ 11.8 ከሆነ ጉድጓዱንም አፉ 11.8 እስኪሆን እቆርጠዋለሁ ይላል። ምክንያታዊ ይመስላል። ግን ብሎኑን ወደ ዓይንህ አስጠግተህ ከጎን እየው። ኮኑ እስከ ላይኛው ፊት ድረስ ስል ሆኖ አይወጣም። ከላይ ቀጥ ያለች ጠባብ ከንፈር አለችው። ፋብሪካው ጫፉን ስል አድርጎ አይተወውም፤ ስል ጫፍ ይሸራረፋል፣ እጅም ይቆርጣል። ካሊፐሩ የሚለካው የዚህችን ከንፈር ስፋት ነው። ኮኑ የሚጀምረው ከከንፈሯ በታች ነው።

ስለዚህ አፉን ልክ 11.8 ካደረግነው የኮኑ መጀመሪያ ከሐዲዱ ፊት ጋር ይገጥምና ከንፈሯ በሙሉ ከላይ ትቀራለች። የድሮውን ላሜራ የበላችው ይህችው ከንፈር ሳትሆን አትቀርም።

ራሱ ከፊቱ ጋር እኩል እንዲሆን ጉድጓዱ በከንፈሯ ቁመት ያህል መውረድ አለበት፣ ሲወርድ ደግሞ አፉ ይሰፋል። ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚወስነው የኮኑ አንግል ነው። ኮኑን መሃል ለመሃል ብትሰነጥቀው ከመሃሉ መስመር እስከ አንዱ ጎን ያለው የአንግሉ ግማሽ ነው፣ እና በሁለቱም ጎን ስለሚሰፋ በ2 ይባዛል፦

```
D = dk + 2 * (c + s) * tan(A/2)
```

`D` የጉድጓዱ አፍ ስፋት ነው፣ `dk` በካሊፐር የተለካው የራሱ ስፋት፣ `c` የከንፈሯ ቁመት፣ `s` ራሱ ከፊቱ በታች እንዲሰምጥ የምንፈልገው መጠን፣ `A` ሙሉው የኮን አንግል። አንግሉ 90 ከሆነ ግማሹ 45 ነው፣ የ45 ታንጀንት ደግሞ 1፤ ስለዚህ ካልኩሌተርም አያስፈልግ፣ ወደ ታች 0.1 በወረድክ ቁጥር አፉ በ0.2 ይሰፋል።

`dk` እና `A` በእጄ ናቸው። `s` 0.1 ብያለሁ። የቀረችው `c` ናት።

ሐሙስ ማታ፣ መብራት ሳይጠፋ

ከንፈሯን በካሊፐር መለካት አይቻልም ባይባልም አይታመንም። ከሥሯ ተዳፋት ስለሆነ የካሊፐሩ ጥርስ የሚይዘው ቦታ የለውም። ከራሱ ጠቅላላ ቁመት ተነስቶ ማስላትም ይቻላል፣ ግን ራሱ ከግንዱ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ትንሽ ክብ ስለሆነ ኮኑ የት እንዳለቀ ዓይን ያታልላል።

ስለዚህ ብሎኑ ራሱ እንዲነግረኝ አደረግሁ። ከተራፊ ብረት ቁራጭ ላይ 6.6 በሚሆን ፑንታ በሳሁ፤ ለኤም6 የተለመደው ማሳለፊያ ቀዳዳ ይህ ነው። ከዚያ በ90 ዲግሪ ካውንተርሲንክ አፉን ቀስ እያልኩ እየለካሁ ልክ 11.8 ላይ አደረስኩት። ብሎኑን አስገብቼ በእጄ ተጫንኩት። እንደተጠበቀው ከፍ ብሎ ቀረ። የካሊፐሩን ጀርባ ብሎኑ ራስ ላይ አስደግፌ የጥልቀት ዘንጉን ወደ ብረቱ ፊት አወረድኩ፦ 0.4 ሚ.ሜ። በየአቅጣጫው ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው።

አፉ ከራሱ ስፋት ጋር እኩል ስለነበር ይህ ከፍታ `c` ራሱ ነው። ሒሳቡ እንግዲህ አጭር ሆነ፦

```
D = 11.8 + 2 * (0.4 + 0.1) * 1 = 12.8
```

12.8 ሚ.ሜ። ከራሱ ስፋት 1 ሚ.ሜ ሙሉ ይበልጣል። ያው ቁራጭ ላይ እስከ 12.8 ከፍቼ ብሎኑን መለስኩት። ጥፍሬን ከብረቱ ወደ ብሎኑ ስስብ ትንሽ ወረደች፣ ስመልሳት ጠርዙን ነካች። የፈለግኩት ይህንን ነው።

ከረዳቴ ጋር የተከራከርንበት አንድ ነገር አለ። ስልኩ ላይ የብሎን ሰንጠረዥ አወጣና "ይኸው እዚህ 13.44 ይላል፣ አንተ 12.8 ትላለህ" አለኝ። ሰንጠረዡ ትክክል ነው። ISO 10642 ለኤም6 የሚሰጠው 13.44 ኮኑ ያለ ከንፈር እስከ ላይ ስል ሆኖ ቢወጣ የሚኖረው ትልቁ ስፋት ነው፤ በካሊፐር የምታገኘው አይደለም። የኔ ብሎን ኮን እስከ ላይ ቢሳል 12.6 ነው የሚደርሰው፣ ከገደቡ በታች። በ13.44 ብቆርጠው የትኛውም ፋብሪካ የሠራው ደረጃውን የጠበቀ ብሎን ይገባበታል፣ ይህ ጥሩ ነገር ነው። ግን የኔው ብሎን 0.42 ይሰምጣል። ለበር ማጠፊያ ቢሆን ግድ የለኝም ነበር። ለጤፍ ግን አይሆንም።

ዓርብ ጠዋት

ዛሬ ስለ አንግሉ። 90 ነው ብዬ ነው ያሰላሁት፣ ግን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሜትሪክ ብሎን በአብዛኛው 90 ዲግሪ ነው። በኢንች የሚሠሩት የአሜሪካኖቹ 82 ናቸው፣ የአውሮፕላን ሥራ ላይ ደግሞ 100 ይገኛል። መሣሪያውም እንዲሁ ነው። የኔ ሳጥን ውስጥ ከውጭ በስጦታ የመጣ አንድ ካውንተርሲንክ አለ፣ አንገቱ ላይ 82 ተብሎ ተጽፏል። ከ90ው ጎን ስታስቀምጠው በዓይን አትለየውም።

ለማየት ያህል በዚህኛውም ቁራጭ ላይ ቆረጥኩ። የሚገርመው ስፋቱ ብቻውን ምንም አይነግርህም። ጉድጓዱ ከብሎኑ ጠበብ ያለ ኮን ሲሆን ብሎኑ የሚያርፈው በከንፈሩ ሥር ባለችው ጠርዝ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቀመሩ ውስጥ የሚገባው የጉድጓዱ አንግል ነው። የ41 ዲግሪ ታንጀንት 0.87 ነው፤ እኩል ለመሆን 11.8 + 2 × 0.4 × 0.87፣ ማለትም 12.5 ይበቃል። በ90ው 12.6 ነበር። የ0.1 ልዩነት። ከላይ ሲታይ ራሱ ልክ ተቀምጧል፣ ያምራል፣ ደንበኛውም ደስ ይለዋል።

ችግሩ ከሥር ነው። የሚያሳይህ ቀለም ነው። የጉድጓዱን ተዳፋት በማርከር ቀባሁ፣ ብሎኑን አስገብቼ ተጫንኩና ሩብ ዙር አዞርኩት፣ አወጣሁት። በ82ው የተላጠው ቀለም ከላይ በኩል ክር የመሰለች ቀለበት ብቻ ናት፣ የቀረው ሁሉ አልተነካም። በ90ው ደግሞ ተዳፋቱ ከላይ እስከ ታች በሰፊው ተልጧል። ወፍጮ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። በክር ቀለበት ላይ ያረፈ ብሎን ያቺ ክር ትደቃለች፣ ራሱ ትንሽ ይወርዳል፣ ያጠበቅከው ይላላል። ከዚያ ብሎኑ ወጥቶ ከእህሉ ጋር ወደ ድንጋዩ ሲወርድ አስበው።

ስለዚህ 82ቱን ቀይ ቴፕ ጠቅልዬበት ወደ ሳጥኑ መለስኩት።

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ጎረቤት ያለው የብየዳ ቤት ልጅ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ቁራጮቹን አየ። "ወንድሜ፣ ለዚህ ሁሉ ምን አደከመህ፣ ትልቅ ፑንታ አስገብተህ ጫር ማድረግ ነው እንጂ" አለኝ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ቤት የሚሠራው እንደዚያ ነው፤ ወረቀት ላይ አሳየሁት።

ተራ ፑንታ ጫፉ 118 ዲግሪ ነው። ከብሎኑ 90 በጣም የተንጣለለ ኮን ነው የሚተወው። አሁን ነገሩ ከ82ው ይገለበጣል፤ ብሎኑ ከላይ አይነካም፣ የሚያርፈው ከታች፣ ኮኑ ከ6.6 ቀዳዳ ጋር በሚገናኝበት ስል ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ስሌቱም ከታች ይጀምራል። የኔ ብሎን ኮኑ ስፋቱ 6.6 የሚሆንበት ቦታ ከላይኛው ፊቱ 3 ሚ.ሜ ታች ነው። ራሱ እኩል እንዲሆን ያ ስል ጠርዝ ከሐዲዱ ፊት 3 ሚ.ሜ መውረድ አለበት። የ59 ዲግሪ ታንጀንት 1.66 ነው፦

```
D = 6.6 + 2 * 3.0 * 1.664 = 16.6
```

11.8 ስፋት ላለው ራስ 16.6 የሆነ አፍ። ዙሪያውን ወደ 2.4 ሚ.ሜ የሚጠጋ ባዶ ቀለበት ይቀራል። ለጤፍ ማከማቻ ነው። አይ፣ አፉን 12.6 ላይ ላቁመው ብትል ደግሞ ኮኑ 1.8 ሚ.ሜ ብቻ ነው የሚወርደው፣ ብሎኑ 3 ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ 1.2 ሚ.ሜ ከፍ ብሎ ይቆማል።

"ታዲያ የኛ በሮች ላይ ብሎኑ ሁሌ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው?" አለ። ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ከፍ ሲልበት አጥብቆ ያስረዋል፣ ስል ጠርዙ ይደቃል፣ ራሱ ትንሽ ይገባል፣ የተስተካከለ ይመስላል። የአለን ቀዳዳው የሚበላውም አንዳንዴ እዚያ ላይ ነው።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ደረሰ፣ እሱም ወደ ብየዳው ሄደ።

ዓርብ ማታ

ሐዲዶቹን መብሳት ጀመርኩ። ጠፍጣፋ ራስ ብሎን እንደ ሌላው ብሎን ቀዳዳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተንቀሳቅሶ ቦታውን አይፈልግም። ኮኑ ራሱን መሃል ያደርጋል። ቀዳዳዎቹ በትንሹ እንኳ ካልገጠሙ አንድ ጎኑ ተጭኖ ሌላው ጎኑ ከፍ ይላል፣ አፉን የቱንም ያህል አስተካክለህ ብትቆርጥ። ስለዚህ ሐዲዱን ፍሬሙ ላይ በክላምፕ አጥብቄ ሁለቱንም በአንድ ላይ በ5 ሚ.ሜ በሳሁ። ከዚያ ፍሬሙን በኤም6 ማሾ ጥርስ አወጣሁለት፣ ሐዲዱን ደግሞ ለብቻው ወደ 6.6 አሳደግኩ።

ካውንተርሲንኩን ትራፓኖው ላይ ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ አድርጌ፣ በደቂቃ 300 ዙር አካባቢ፣ በዘይት። ለዚህ ስፋት ከዚያ በላይ ካስሮጥከው ይንቀጠቀጥና ጉድጓዱ ክብ መሆኑ ቀርቶ ማዕዘን ያበጃል። የተንቀጠቀጠ ጉድጓድ በካሊፐር ሲለካ በአንድ በኩል 12.6፣ ዞር ስትል 12.9 ይሰጥሃል። ተዳፋቱ ላይ ሞገድ ካየህ ፍጥነቱን ቀንስና ጠንከር አድርገህ ተጫን።

አፉን መለካትም ዘዴ አለው። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ የተነሳውን ብጥርጥር በሊማ አንዴ ሳብ አድርገህ አንሳ፤ ካልሆነ የምትለካው ብጥርጥሩን ነው። ቀጥሎ የካሊፐሩ የውስጥ ጥርሶች ወደ ተዳፋቱ እንዳይንሸራተቱ በጫፋቸው ሳይሆን በሥራቸው በኩል፣ ካሊፐሩን ፊቱ ላይ አስተኝተህ ያዝ። ወደ ውስጥ ከተንሸራተቱ ትንሽ ቁጥር ያሳዩሃል፣ አንተም ገና ነው ብለህ ጨምረህ ትቆርጣለህ።

ቅዳሜ ጠዋት

የመጀመሪያውን ጉድጓድ 12.8 ላይ ካደረስኩ በኋላ የትራፓኖውን የጥልቀት ማቆሚያ አሰርኩት። ረዳቴ ከዚህ በኋላ ያለው ዓይን ተጨፍኖም የሚሠራ መስሎት ነበር። አይደለም።

ማቆሚያው የሚያውቀው የትራፓኖውን ጠረጴዛ ነው። ከጠረጴዛው ይህን ያህል ከፍታ ላይ አቁም ብለኸዋል እንጂ ከብረቱ ፊት ይህን ያህል ውረድ አላልከውም። ገበያ ላይ የሚገኘው ጠፍጣፋ ብረት 6 ተብሎ ይሸጥ እንጂ ውፍረቱ ከጫፍ ጫፍ አንድ አይደለም። የኔው በአንዱ ጫፍ 5.9 ነው፣ በሌላው 6.1። የ0.2 ልዩነት ጥልቀት ላይ 0.2 ነው፣ አፉ ላይ ግን 0.4 ሆኖ ይወጣል። ወፈር ያለው ጫፍ ላይ 12.8 እንዲሆን ያሰርኩት ማቆሚያ ቀጭኑ ጫፍ ላይ አፉን 12.4 ላይ ያቆመዋል፣ ብሎኑም ከፍ ይላል። በተቃራኒው ካሰርኩት 13.2 ይሆንና 0.3 ይሰምጣል፣ ልክ ገደቤ ላይ።

ስለዚህ ማቆሚያውን ቀጭኑ ጫፍ ላይ 12.4 እንዲሰጥ፣ ማለትም ከሚፈለገው ቀደም ብሎ እንዲያቆም አደረግኩት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጉድጓድ እየለካሁ በእጅ ጨረስኩ። በጥልቀት ከመሥራት በአፍ ስፋት መሥራት የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ስሕተቱ አፉ ላይ እጥፍ ሆኖ ስለሚታይ ካሊፐሩ ቶሎ ይይዘዋል። በትንሽ አንግል ግን ይህ ጥቅም ይቀንሳል፤ 60 ዲግሪ ኮን ቢሆን 0.1 ወረድ ማለት አፉ ላይ 0.12 ብቻ ነው።

ውፍረቱም በቂ ነው። የኮኑ ጥልቀት 3.1 ስለሆነ ከ6ቱ ወደ 3 የሚጠጋ ቀጥ ያለ ብረት ከሥር ይቀራል። ሐጂ መጀመሪያ "3 ሚ.ሜ አይበቃም ወይ፣ ይረክሳል" ብለውኝ ነበር። በ3 ሚ.ሜ ኮኑ ከሥር ይወጣ ነበር፤ ቀዳዳው ከ6.6 ይሰፋል፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሆናል፣ ብሎኑም የፍሬሙን ፊት እየነካ ሐዲዱን ሳያጠብቅ የጠበቀ ይመስላል።

ቅዳሜ ከሰዓት

ተገጠመ። ብሎኖቹን አስሬ ሐዲዱ ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጎኑ አቆምኩ፣ ከኋላው የስልክ መብራት አበራሁ። በእያንዳንዱ ብሎን ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ይታያል፣ ማስመሪያው አንዱም ላይ አይንቀዋለልም። አንዱ ጋ መስመሩ ወፈር ብሎ ታየኝ፣ በካሊፐር ለካሁት፣ 0.2 ነው። ይለፍ።

ላሜራው ያለ ድምፅ ይሄዳል። ቅባት አልቀባሁም፣ እህል የሚያልፍበት ነው።

ሐዲዶቹን ከመስጠቴ በፊት ከሥራቸው በቁጥር መምቻ M6 90 12.8 ብዬ መታሁባቸው። አንድ ብሎን ቢጠፋ ባቲ ላይ ሌላ ይገዛሉ፣ እሱ ደግሞ ኤም6 ቢሆንም ከንፈሩ ሊለያይ ይችላል። ለሐጂ ልጅ ነገርኩት፦ አዲሱን ብሎን አስገብተህ በጥፍርህ ሞክር፣ ጥፍርህ ከብረቱ ወደ ብሎኑ ስትሄድ ከተደናቀፈች አትሰረው፣ ሌላ ብሎን ፈልግ፣ ጉድጓዱን ግን እንዳትነካው።